የብድር መክፈያ ጊዜን ማሸጋሸግ

የብድር መክፈያ ጊዜ እንዲሸጋሸግ የሚጠየቀው ውዝፍ ከመከመሩ በፊት ነው። በኢትዮጵያ ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት የጊዜ ብድር ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ስለሚመደብ፣ ከዚያ ወዲያ ባንኩን ማግባባት ይከብዳል።

ለምሳሌ አንድ ዳቦ ቤት 600,000 ብር ዋና ዕዳ ቀርቶበታል እንበል። ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ ቀሪው ጊዜ 24 ወር ከሆነ በየወሩ 29,378 ብር ገደማ ይከፍላል። ዱቄት በመወደዱ ግን ከ310,000 ብር ወርሃዊ ሽያጭ ላይ የባለቤቱን ደመወዝ ጨምሮ 286,000 ብር ወጪ ይሆንና 24,000 ብር ብቻ ይተርፋል። ጊዜው ወደ 42 ወር ቢራዘም ክፍያው ወደ 18,750 ብር ይወርዳል፤ ለክፉ ቀንም 5,250 ብር ይቀራል። እፎይታው ግን በነጻ አይገኝም፤ ጠቅላላው ወለድ በ82,000 ብር ገደማ ይጨምራል።

ማመልከቻው ላይ «ገበያው ቀዝቅዟል» ማለት አይበቃም። የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የዱቄት ግዢ ደረሰኞችና ከደንበኞች ጋር የተፈረሙ ውሎች አብረው ይያያዛሉ። ሽያጩ በባንኩ ሂሳብ ካላለፈ የብድር ባለሙያው ቁጥሩን ለማመን ይቸገራል። ሽያጭ በእጥፍ ያድጋል የሚል ዕቅድም ያስጠረጥራል፤ ዛሬ ባለው ገቢ የሚከፈለውን መጠን ማሳየት ይሻላል። ንግዱ የተቀነሰውን ክፍያ እንኳ መሸፈን ካቃተው፣ ጊዜ ማራዘም ወለድ ከመጨመር በቀር አይጠቅመውም።