የማይታወቅ ቁጥርን ስለ መዝጋትና ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ ጥሪ

«ሽልማት ደርሶዎታል» እያለ የሚደውለውን አታላይ ለማራቅ ብዙ ሰው የሚመርጠው መንገድ፥ በስልኩ መዝገብ ያልተጻፈውን ቁጥር ሁሉ በአንድ ጊዜ መዝጋት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ ይኸ መንገድ ልጆቻቸው በዐረብ አገር ለሚሠሩ የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ቤተ ሰቦች ለምን እንደማይስማማ፥ በምትኩም ምን ማድረግ እንደሚሻል ነው።

ከቤሩት የተደወለ ጥሪ በትክክለኛው መስመር ሲመጣ በስልኩ መስተዋት ላይ የሊባኖስ መለያ +961 ይታያል፤ ከሳውዲ ዐረቢያ ሲሆን +966 ነው። ነገር ግን የውጭ ጥሪ ዋጋ ከአገር ውስጡ ስለሚበልጥ፥ በመካከል ገብተው ልዩነቱን የሚወስዱ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ድምፁን በኢንተርኔት ያመጡና፥ ብዙ ሲም ካርድ በተሰካበት «ሲም ቦክስ» በሚባል መሣሪያ ወደ አገር ውስጥ ጥሪ ይለውጡታል። ስለዚህ ከቤሩት የመጣው ጥሪ በ+2519 ወይም በ+2517 የሚጀምር፥ ማንም የማያውቀው ቁጥር ሆኖ ይታያል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 እንዲህ ያለውን ሥራ በወንጀል ያስቀጣል፤ ይሁን እንጂ ደዋይዋም ሆነች ተቀባይዋ ጥሪው በየት በኩል እንዳለፈ አያውቁም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በጎረቤላ የሚኖሩ አንዲት እናት ስልካቸው ከተመዘገቡት ሰዎች በቀር የማንንም ጥሪ እንዳያሰማ ተደርጎላቸዋል እንበል። የልጃቸው የቤሩት ቁጥር በመዝገቡ ተጽፏል። ልጅቱ ማታ ትደውላለች፤ ጥሪው ግን በሲም ቦክስ በኩል በሌላ ቁጥር ስለሚመጣ ስልኩ ዝም ይላል። በብዙ ስልኮች «Repeat callers» የሚባል ደንብ አለ፤ ያው ቁጥር በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ከደወለ ጥሪውን ያሳልፋል። ልጅቱም ደግማ ትደውላለች፤ ነገር ግን መሣሪያው ሁለተኛውን ጥሪ በሌላ ሲም ካርድ ሊያወጣው ስለሚችል ደንቡ አያድናትም። እናቲቱ ማለዳ ሁለት የማያውቋቸውን ቁጥሮች አይተው መልሰው ቢደውሉ፥ ካርዶቹ በመሣሪያ ውስጥ ናቸውና የሚመልስ የለም። «አታላዮች ናቸው» ብለው ሁለቱንም ቢዘጉ፥ በእነዚያው ካርዶች የሚያልፈውን የሌላ ዘመድ ጥሪ ደግሞ ዘጉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ልዩነት ማስተዋል ይገባል። በአንድሮይድ ስልክ «Blocked numbers» ከሚለው ሥር ያለው «Unknown» የሚዘጋው ቁጥሩን የደበቀውን ደዋይ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የሚታየውን እንግዳ አይነካም። በአይፎን ግን «Silence Unknown Callers» የሚባለው በመዝገብ የሌለውን፥ አስቀድመን ያልደወልንለትንም ሰው ዝም ያሰኛል። በስም ይመሳሰላሉ፤ በሥራ ይለያያሉ። የመጀመሪያውን መክፈት ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከላይ ባየነው ችግር ላይ ይጥላል።

ስለዚህ የሚሻለው፥ እንግዳውን ቁጥር አንሥቶ ድምፁን መስማት፥ አታላይ መሆኑ ሲታወቅ ያንኑ አንድ ቁጥር መዝጋት ነው። በጥሪው ዝርዝር ላይ ቁጥሩን ተጭኖ ቆይቶ «Block» የሚለውን መምረጥ ይበቃል። አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚቋረጥ፥ ዘመድ ከሌለን አገር የመጣ ቁጥር ሲሆን ግን መልሶ መደወል አይገባም፤ የአታላዩ ትርፍ ከእኛው የመልስ ጥሪ ሒሳብ ይገኛልና። ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ልጅቱ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ብትደውል ጥሪው በራስዋ ስም ይመጣል።

የጽሑፍ መልእክትም በሁለት ይከፈላል። ከአጭር ቁጥር በየዕለቱ የሚመጣ ምክር ወይም የጥያቄ ውድድር ብዙ ጊዜ በክፍያ የተመዘገቡበት አገልግሎት ነው። ይኸን ቁጥር መዝጋት መልእክቱን ከዓይን ይሰውራል እንጂ የገንዘቡን ቅነሳ አያቆምም፤ አስቀድሞ ወደዚያው አጭር ቁጥር STOP ብሎ መላክ፥ ከዚያም ቀሪ ሒሳብን መመልከት ያስፈልጋል። ሁለተኛው «ገንዘብ በስሕተት ልኬልዎታለሁና ይመልሱልኝ» የሚለው ነው። የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፤ የአታላዩ ግን ብዙ ጊዜ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግል ቁጥር ነው። የላኪ ስም ሊመሳሰል ስለሚችል ግን እርግጠኛው ፍተሻ *127# ደውሎ ሒሳቡን ማየት ነው፤ በሒሳቡ ላይ ያልገባ ገንዘብ የሚመለስበት ምክንያት የለም። 127ን ራሱን በንዴት የዘጋ ሰው ግን እውነተኛው የገንዘብ ደረሰኝ ሳይታየው ይቀራልና፥ የተዘጉትን ቁጥሮች ዝርዝር አልፎ አልፎ ከፍቶ መመርመር ይገባል።