«እስቲ ስለራስሽ ንገሪን» ሲባል ከየት ተነስቶ የት ይቆማል?

«እስቲ ስለራስሽ ንገሪን» የሚለው ጥያቄ በኢንተርንሺፕ ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመጣል። ጠያቂው የተማሪዋን ስምና ትምህርት ቤት ፊቱ ካለው ሲቪ ላይ ማንበብ አያቅተውም። የሚፈልገው ከዚያ ሁሉ መሃል ለሥራው የሚጠቅመውን መርጣ መናገር መቻሏን ማየት ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከዚህ መልስ ውስጥ ነው።

መልሱ የሚንዛዛው ከመነሻው ነው። በኢትዮጵያ የተለመደው ሲቪ ከትውልድ ቦታና ዘመን፣ አንዳንዴም ከጋብቻ ሁኔታ ስለሚጀምር አንደበትም ያንኑ ተራ ይከተላል፦ «የተወለድኩት ደሴ ነው፤ አንደኛ ደረጃን እዚያው ተማርኩ፤ ከዚያ ደግሞ…»። በዚህ መንገድ የተነሳ ሰው ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የጠያቂው ሐሳብ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሌላው ምክንያት የማብቂያው ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ጠያቂው ዝም ብሎ ሲጽፍ ተማሪዋ «አልበቃውም» ብላ ታስብና ትጨምራለች፤ የጨመረችው ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ የሳሳ ይሆናል።

ለመጀመሪያ ኢንተርንሺፕ ከአንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል። አሁን የት እንዳሉ መናገር፣ ከዚያ አንድ የሠሩትን ነገር ማሳየት፣ በመጨረሻም ለምን ወደዚህ ቦታ እንደመጡ መግለጽ ነው። አንዲት የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ፎቅ እየገነባ ባለ ተቋራጭ ዘንድ ቀረበች እንበል። መልሷ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ከተማርኩት ሁሉ የሳበኝ የግንባታ ዕቃዎች ላብራቶሪ ነው። ከቡድኔ ጋር ስድስት የኮንክሪት ኪዩቦች ሞልተን ሦስቱን በ7፣ ሦስቱን በ28 ቀን ሰበርን። በ28 ቀን ከሰበርናቸው የአንዱ ጥንካሬ ከሌሎቹ በጣም አነሰ። ስናየው ውስጡ ክፍተት ነበረው፤ ሲሞላ በደንብ አልተጠቀጠቀም። መዝገቡን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ያ ኪዩብ መቼና እንዴት እንደተሞላ ተመልሰን ማየት ቻልን። እናንተ አሁን ኮንክሪት እየሞላችሁ ስለሆነ፣ ናሙና ሲወሰድ ከሳይት መሐንዲሱ ጋር ሆኜ መማር እፈልጋለሁ።»

ይህ ረጋ ተብሎ ሲነገር አንድ ደቂቃ ያህል ነው። «ታታሪና ጠንቃቃ ነኝ» የሚል ቃል የለበትም፤ መዝገቡን ማን እንደያዘ ሲነገር ጠያቂው ጥንቃቄዋን ራሱ ይረዳዋል። አውቶካድ፣ ኤክሴልና ሌሎች ፕሮግራሞችም አልተደረደሩም። መደርደሩ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ከዝርዝሩ መሃል ተማሪዋ እምብዛም የማታውቀውን አንስቶ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ነገር በደንብ ሲነገር ግን ቀጣዩ ጥያቄ ወደምታውቀው ያዘነብላል።

እንዲህ ያለ የላብራቶሪ ሥራ የሌለው ተማሪ «ምንም ልምድ የለኝም» ብሎ መጀመር አይኖርበትም። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ በቤተሰቡ ሱቅ የወር መጨረሻ ቆጠራ ሠርቶ ከሆነ፣ ቆጠራውና መዝገቡ ያልተገጣጠሙበትን አንድ ወር መናገር ይችላል። መመዘኛው ያው ነው፦ የተባለው ነገር ለሚጠየቀው ሥራ ይቀርባል ወይስ አይቀርብም?

ልምምዱ ላይ መልሱን ቃል በቃል መሸምደድ ይጎዳል። የሸመደደ ሰው በመሃል ሲያቋርጡት የት እንደደረሰ ይጠፋዋል፤ ድምፁም የንባብ ይሆናል። የሚሻለው መነሻውንና ማብቂያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አጥብቆ ይዞ መሃሉን ልቅ መተው ነው። በስልክ ቀርጾ ማዳመጥም «ያው»፣ «ማለት ነው»፣ «እና ከዛ» የሚሉት ቃላት የት የት እንደሚበዙ ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበዙት ተናጋሪው የሚቀጥለውን ሐሳብ ገና ያልወሰነበት ቦታ ላይ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሊመጣ ስለሚችል ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በሁለቱም ቋንቋ መያዝ ያስፈልጋል፤ በአማርኛ ያሰቡትን እዚያው መተርጎም ራሱ መልስን ያስረዝማል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ካለቀ በኋላ ዝምታው የጠያቂው ነው። ተጨማሪ ከፈለገ «እስቲ ዘርዘር አድርጊው» ይላል። ያን ጊዜ የኪዩቡ ተማሪ የኮንክሪቱን ደረጃ፣ የድብልቁን መጠንና የ28 ቀኑን ውጤት ልትጠየቅ ትችላለች። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ከመድረሱ በፊት የላብራቶሪ ሪፖርቷን አውጥታ ቁጥሮቹን ማየት አለባት። አንዱ ቁጥር ቢጠፋት በግምት ከመሙላት ይልቅ «በትክክል አላስታውሰውም፤ ሪፖርቱ ላይ አለ» ማለቱ ይሻላል፤ መሐንዲስ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው የማይሆን ቁጥር ሲሰማ ወዲያው ያውቀዋልና።