ፕሪሚየም፣ ዲዳክቲብልና ኮፔይ

በአሜሪካ ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚኖር ሰው የጤና ኢንሹራንስ ውል ሲቀበል ሦስት የገንዘብ ስሞች ያገኛል፤ እነዚህም የሚከፈሉበት ጊዜና ተቀባያቸው አንድ አይደለም።

ፕሪሚየም በየወሩ ለኩባንያው የሚሰጥ የመድን ዋጋ ነው፤ ሰውየው ቢታመምም ባይታመምም ይከፈላል። ዲዳክቲብል ግን ለኩባንያው የሚሰጥ አይደለም፤ ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታማሚው በዓመቱ ውስጥ ለሐኪም ቤት ከኪሱ የሚያወጣው የመጀመሪያው ድርሻ ነው። ኮፔይ ደግሞ ሐኪም ዘንድ በቀረቡ ወይም መድኃኒት በገዙ ቁጥር የሚከፈል አስቀድሞ የተቈረጠ ሒሳብ ነው። ፕሪሚየም ከዲዳክቲብሉ ላይ የሚቀነስ የሚመስላቸው አሉ፤ አይቀነስም። ኮፔይም በአብዛኞቹ ውሎች ዲዳክቲብሉን አያጎድልም፤ ነገር ግን ታማሚው በዓመት ሊከፍል ከሚችለው ከፍተኛ ወሰን ውስጥ ይቈጠራል።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። ፕሪሚየሙ በወር 300 ዶላር፣ ዲዳክቲብሉ 2,000፣ ኮፔዩ 30 የሆነ ውል ይኑር እንበል፤ ዲዳክቲብሉም ካለቀ በኋላ ታማሚው ከመቶ 20 ይክፈል። ባለ ውሉ በዓመቱ ሦስት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄዶ 90 ዶላር ከፈለ። ከዚያ በኋላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና አስወጣ። ሆስፒታሉ 24,000 ዶላር ቢጠይቅም፣ ሒሳቡ የሚሠራው ኩባንያውና ሆስፒታሉ አስቀድመው በተዋዋሉበት ዋጋ ነው፤ እርሱም 14,000 ይሁን። ታማሚው መጀመሪያ 2,000ውን ይከፍላል፤ ከቀረው 12,000 ከመቶ 20ው 2,400 ይሆናል፤ ድምሩ 4,400 ነው። ሆስፒታሉ ከኩባንያው ጋር ውል ከሌለው ግን ይህ ሒሳብ ሊፈርስ ይችላል፤ ስለዚህ ድንገተኛ ካልሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ሌላ ውል ቀረበ እንበል፤ ዲዳክቲብሉ 500 ብቻ፣ ፕሪሚየሙ ግን በወር 450፣ ሌላው ሁሉ እንደ ፊተኛው። ብዙ ሰው በ500ው ይማረካል። ለዚያው ቀዶ ጥገና 500 ይከፍላል፤ ከ13,500ው ከመቶ 20ው 2,700 ነው፤ ድምሩ 3,200። ከፊተኛው ውል በ1,200 ያነሰ ነው፤ በፕሪሚየም በኩል ግን በዓመት 1,800 ተጨማሪ ከፍሏል። ስለዚህ በጠና በታመመበት ዓመት እንኳ 600 ዶላር ከሰረ፤ ባይታመም ኖሮ ኪሳራው 1,800 ይሆን ነበር። በእኔ አስተያየት ሁለት ውሎችን ለማወዳደር አስቀድሞ የዓመቱን የፕሪሚየም ልዩነት ከዲዳክቲብሉ ልዩነት ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ ፊተኛው ከበለጠና ሌላው አንድ ዐይነት ከሆነ ውድ የሆነው ውል በምንም አያዋጣም። በእርግጥ ልዩነቱ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ነገሩ ይለወጣል፤ በተለይ የማያቋርጥ ሕመም ላለበት ሰው።

ዲዳክቲብል ዓመቱ ሲለወጥ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ በብዙ ውሎችም ቀኑ ጃኑዋሪ 1 ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ታክሞ ለቀሪው ሕክምና በጃኑዋሪ የተመለሰ ሰው፣ ሕመሙ አንድ ሆኖ ሳለ 2,000ውን ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል።