ቁጥሩ አንድ ቦታ፣ ትርጓሜው ሌላ ቦታ

በጥቅምት 1948 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የታተመው የስትሬፕቶማይሲን ጥናት በሕክምና ምርምር ታሪክ ስሙ በተደጋጋሚ ይነሳል። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ሕመማቸው የጠና 107 የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ዕጣው የተቀመጠው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር፤ ዘዴውን የቀየሰው የስታቲስቲክስ ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ነው። 55ቱ አልጋ ላይ እያረፉ መድኃኒቱን ተወጉ፤ 52ቱ ያለ መድኃኒቱ አልጋ ላይ እንዲያርፉ ተደረገ። ስድስት ወር ሲሞላ ከመጀመሪያው ቡድን 4፣ ከሁለተኛው 14 ሰዎች ሞተው ነበር።

ይህን ጥናት ያነሳሁት የምርምር ጽሑፍ በሚጻፍበት ሁሉ የሚያጋጥምን አንድ ችግር ለማሳየት ስለሚመች ነው። ችግሩ የተገኘውን መናገርና የተገኘው ምን ማለት እንደሆነ መናገር በአንድ አንቀጽ ውስጥ መደባለቃቸው ነው። በሳይንሳዊ ጽሑፍ ልማድ የመጀመሪያው «ውጤት» በሚለው ክፍል፣ ሁለተኛው «ውይይት» በሚለው ክፍል ይሰፍራል። ክፍፍሉ የተበጀው ለአንባቢው ነው። ጸሐፊው ሳይመራው ቁጥሩን አይቶ የራሱን ፍርድ ይሰጣል፤ ቀጥሎ የጸሐፊውን ፍርድ አንብቦ ከራሱ ጋር ያስተያያል።

የሚከተለው አንቀጽ እኔ የጻፍኩት ነው፤ በ1948ቱ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ቁጥሮቹ ግን ከዚያው ጥናት የተወሰዱ ናቸው፤ አጻጻፉም በብዙ ረቂቆች ላይ የምናየው ዓይነት ነው፦

«ስትሬፕቶማይሲን አስደናቂ ፈዋሽነቱን አረጋግጧል። መድኃኒቱን ከወሰዱት የሞቱት 7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ግን 27 በመቶ የሚሆኑት ለሕልፈት ተዳርገዋል። ይህም የሆነው መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ስለሚገድል ነው። ከታከሙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በራጅ ሲታዩ ከፍተኛ መሻሻል አሳይተዋል። እንደተጠበቀው፣ የአልጋ ዕረፍት ብቻ ያገኙት አልተሻላቸውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ለሁሉም የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ሊሰጥ ይገባል።»

አንቀጹ ሲነበብ ይፈስሳል፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። አንባቢ ፈስሶ ሲሄድ አያቆምም። እኛ ግን በሁለት ቀለም እርሳስ እያቆምን እንሂድ። እያንዳንዱ ሐረግ ጋ ስንደርስ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በመድኃኒቱ የማያምን፣ ግን ሠንጠረዡን በእጁ የያዘ ሐኪም ይህን ሐረግ ይፈርምበታል? የሚፈርምበት ከሆነ በሰማያዊ፣ የማይፈርምበት ከሆነ በቀይ እናሰምርበት።

«አስደናቂ ፈዋሽነቱን አረጋግጧል» ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው። «7 በመቶ» ሰማያዊ ሲሆን አጠገቡ ያለው «ብቻ» ቀይ ነው፤ 7 በመቶ ትንሽ ነው የሚለው የጸሐፊው ስሜት እንጂ ልኬት አይደለም። «ለሕልፈት ተዳርገዋል» የሚለውም እንደዚሁ። በአማርኛ ግሶቻችን ውስጥ ፍርድ በቀላሉ ይደበቃል፤ አንዱን ቡድን «የሞቱት» ብለን ሌላውን «ለሕልፈት የተዳረጉት» ስንል አንባቢውን ወደ አንድ ወገን አዘንብለነዋል። ከዜና ቋንቋ የወረስናቸው «አሻቅቧል»፣ «አሽቆልቁሏል»፣ «ተመንጥቋል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ቁጥሩ ከ12 ወደ 15 ከሄደ «ከ12 ወደ 15 ከፍ ብሏል» ማለት ይበቃል።

«ባክቴሪያውን ስለሚገድል ነው» የሚለው ከሁሉም የጠለቀ ቀይ ነው። ጥናቱ የቆጠረው የሞቱትንና በሕይወት ያሉትን፣ በራጅ የተሻላቸውንና የባሰባቸውን ነው። መድኃኒቱ በሰው ሳንባ ውስጥ ባክቴሪያውን ምን እንደሚያደርገው ከሞት ቆጠራ አይነበብም። ነገሩ በሌላ ማስረጃ ሊደገፍ ይችላል፤ ስፍራው ግን ያ ማስረጃ ተጠቅሶ ክርክር የሚካሄድበት የውይይት ክፍል ነው። «ስለዚህ» ብሎ የሚጀምረው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ምክር ነው፤ በጥናቱ ያልተካተቱ ሰዎችን ሁሉ ጭምር የሚመለከት ምክር። ጥናቱ የተካሄደው በወጣቶች ላይ፣ ያውም ሁለቱም ሳንባቸው በፍጥነት እየተጎዳ ባሉ ታማሚዎች ላይ ነበር።

እስካሁን ያየናቸው በቦታቸው ያልተቀመጡ እንጂ ሐሰት አልነበሩም። «እንደተጠበቀው፣ የአልጋ ዕረፍት ብቻ ያገኙት አልተሻላቸውም» የሚለው ግን ስሕተት ነው። ሠንጠረዡ እንደሚለው ከ52ቱ 4ቱ በራጅ ከፍተኛ መሻሻል፣ 13ቱ መካከለኛ ወይም መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል። በድምሩ 17 ሰዎች ናቸው፤ ከሦስት አንድ ገደማ። ትርጓሜ ወደ ውጤት ክፍል ሲገባ ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊው ታሪኩን አስቀድሞ ስለያዘ ከታሪኩ ጋር የማይሄዱት 17 ሰዎች ከገጹ ጠፉ፤ ሊዋሽ ግን አላሰበም። በሌላው ወገንም የጠፉ አሉ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ሰዎች 11ዱ በራጅ ባሰባቸው እንጂ አልተሻላቸውም፤ ከነዚህ 6ቱ ክፉኛ ነው የባሰባቸው። መድኃኒቱን ካልወሰዱትም ክፉኛ የባሰባቸው 6 ናቸው። ይህን እኩልነት ከላይኛው አንቀጽ ማን ሊያውቅ ይችላል?

አሁን ወደ መጻፉ እንለፍ። ብዙ ሰው ቀዩን እየሰረዘ የቀረውን ለመቀጠል ይሞክራል፤ ያ አያዋጣም። ከተሰረዘው በኋላ የሚቀረው የተቆራረጠ ከመሆኑም በላይ፣ ቀድሞውኑ ያልተጻፈው ቁጥር ተመልሶ አይመጣም። ቀይ የተሰመረባቸውን ዓረፍተ ነገሮች «ውይይት» ብላችሁ በሰየማችሁት ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጡና አሮጌውን አንቀጽ ወደ ጎን አድርጉት። ከዚያ ሠንጠረዡን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ፣ ከእሱ ብቻ እያያችሁ እንደ አዲስ ጻፉ። ቅደም ተከተሉም ከሠንጠረዡና ከጥናቱ ዕቅድ ይወሰድ፦ መጀመሪያ ስንት ሰው እንደተቆጠረ፣ ቀጥሎ ዋናው ውጤት፣ ከዚያ ሌሎቹ። ደስ ያሰኘውን ቁጥር ፊት ማስቀመጥም በዝምታ የሚደረግ ትርጓሜ ነው።

እንዲህ ይወጣል፦

«በጥናቱ 107 ታማሚዎች ተካተዋል፤ 55ቱ ስትሬፕቶማይሲንና የአልጋ ዕረፍት፣ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ ታዞላቸዋል። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ከስትሬፕቶማይሲን ቡድን 4 (7 በመቶ)፣ ከንጽጽር ቡድኑ 14 ሰዎች (27 በመቶ) ሞተዋል። ልዩነቱ 20 የመቶኛ ነጥብ ነው (95 በመቶ የመተማመኛ ክልል፦ ከ6 እስከ 34)። በራጅ ከፍተኛ መሻሻል ያሳዩት በስትሬፕቶማይሲን ቡድን 28 (51 በመቶ)፣ በንጽጽር ቡድኑ 4 (8 በመቶ) ናቸው። መካከለኛ ወይም መጠነኛ መሻሻል ያሳዩት በቅደም ተከተል 10 እና 13፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ያልታየባቸው 2 እና 3፣ በመካከለኛ ወይም በመጠነኛ ደረጃ የባሰባቸው 5 እና 12፣ ክፉኛ የባሰባቸው 6 እና 6 ናቸው።»

የመተማመኛ ክልሉን ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ በዘመኑ ጽሑፍ ውስጥ የነበረ አይደለም። ያስገባሁት «አስደናቂ» የሚለው ቃል ሊሠራ የሞከረውን ሥራ በሐቀኝነት ስለሚሠራ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ በዚህ በጥቂት ሰዎች በተሠራ ጥናት ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል ለአንባቢው ያሳያል። 6 እና 34 እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ አንባቢው ይህንን አይቶ ይፍረድ።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል። «ከፍተኛ መሻሻል» ራሱ ፍርድ አይደለም ወይ? አዎ፣ ፍርድ ነው። ነገር ግን ውጤቱ ከታወቀ በኋላ በጸሐፊው ብዕር የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ራጆቹን ሁለት የራጅ ሐኪሞችና አንድ ሌላ ሐኪም ለየብቻቸው አንብበዋል፤ ሲያነቡም ፊልሙ የየትኛው ቡድን ታማሚ እንደሆነ አያውቁም ነበር። ቡድኑን በማያውቅ ሰው የተሰጠ ደረጃ፣ አሰጣጡ በ«ዘዴ» ክፍል እስከተገለጸ ድረስ፣ እንደ ልኬት ይቆጠራል። በውጤት ክፍል «ይበልጣል»፣ «ያንሳል»፣ «ልዩነቱ ይህን ያህል ነው» ማለትም አይከለከልም፤ ሠንጠረዡን የያዘ ሁሉ የሚደርስበት ነውና። ክልክሉ «ለምን» እና «እንግዲህ ምን ይደረግ» የሚሉት ጋ ይጀምራል።

ወደ ጎን ያስቀመጥነው ቀይ ወረቀትስ? የውይይቱ ክፍል የሚጻፈው ከእሱ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አሁን ማስረጃውንና ወሰኑን ይዞ መምጣት አለበት። «ፈዋሽ» የሚለው ቃል እዚህም ቢሆን ይፈተናል። ክትትሉ ቀጥሎ ነበርና አንድ ዓመት ሲሞላ ከ55ቱ 12፣ ከ52ቱ 24 ሰዎች ሞተው ተገኙ። በአምስት ዓመት ግን የሞቱት ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ 35 ደረሱ። ልዩነቱ ጠቧል ማለት ነው። መድኃኒቱ ለብቻው ሲሰጥ በብዙ ታማሚዎች ውስጥ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ይወጣ ነበር፤ ከዚያም ስትሬፕቶማይሲንን ከሌላ መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠት ተጀመረ። «ፈዋሽነቱ ተረጋግጧል» ብሎ በውጤት ክፍሉ የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ ውጤቱ ተሳስቷል ባሰኘ ነበር። «በስድስተኛው ወር ከ55ቱ 4፣ ከ52ቱ 14 ሞተዋል» የሚለውን ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ምንም ነገር አልነካውም፤ ዛሬም ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ቁጥር አንስተው በራሳቸው መንገድ ያሰሉበታል።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የጤና ሳይንስ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ይጽፋሉ፤ በማኅበራዊ ሳይንስ መመረቂያ ጽሑፎች ግን ምዕራፍ አራት ውጤቱንና ማብራሪያውን አብሮ የሚይዝበት ልማድ ሰፊ ነው። ቃለ መጠይቅን መሠረት ላደረገ ጥናት አብሮ መጻፉ ይስማማዋል፤ የተጠያቂውን ቃልና የተመራማሪውን ንባብ በገጾች ርቀት መለያየት አንባቢውን ያደክማል። መለየቱ ያኔ በዓረፍተ ነገር ደረጃ ይሆናል። አስቀድሞ ቁጥሩ ወይም የተጠያቂው ቃል ብቻውን በነጥብ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ በአዲስ ዓረፍተ ነገር፣ «ይህን የምረዳው እንዲህ ነው» ብሎ ተመራማሪው በራሱ ስም ይናገራል። ሁለቱ በ«ሲሆን» ወይም በ«ይህም የሆነው» ተሰፍተው በአንድ ነጥብ ሲዘጉ አማካሪው ያንን ስፌት ፈትቶ ለተማሪው ይመልስለት።