ሃያ ሜትር ወይስ ሃያ ሜትር በሰከንድ?

ከድልድይ ላይ የተለቀቀች ድንጋይ በ2 ሰከንድ ውሃው ላይ ደረሰች። አየሩ የሚያደርገውን ግጭት እንተወው፤ g 10 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው እንበል። ድልድዩ ከውሃው ስንት ሜትር ከፍ ይላል? ካልኩሌተር የማይፈልግ፣ ለተማሪም ለአራሚም የሚመች ጥያቄ ይመስላል። ቀመሩ ½gt² ስለሆነ የ10ን ግማሽ፣ 5ን፣ በ2 ካሬ ማለትም በ4 ስናባዛ 20 ሜትር ይመጣል።

ጣጣው ያለው 2 ቁጥር ላይ ነው። ቀመሩ የጠፋበት ተማሪ ዝም ብሎ 10ን በ2 ቢያባዛም 20 ያገኛል። ያሰላው ከፍታውን ሳይሆን ድንጋይዋ ውሃውን ስትመታ የነበራትን ፍጥነት ነው፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ካሬ ማለት እጥፍ ማለት የሚመስለው ተማሪም 4 ብሎ በሰላም ያልፋል። አስተማሪው ሦስቱንም «ትክክል» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ከሦስቱ ትምህርቱ የገባው አንዱ ብቻ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። 1 ሰከንድማ ይብሳል፤ የ1 ካሬ ራሱ 1 ስለሆነ ካሬውን ጨርሶ የረሳ ሰው አይታወቅም።

ሰዓቱን ወደ 3 ሰከንድ ብንቀይረው ሁሉም ይገለጣል። ትክክለኛው መልስ 45 ሜትር ነው። ካሬውን የረሳ 15፣ ግማሹን የረሳ 90፣ ፍጥነቱን ያሰላ 30 ያመጣል። ቁጥሮቹ አሁንም በቃል የሚሠሩ ናቸው፤ ስህተት የሠራ ግን በአጋጣሚ ትክክለኛው መልስ ላይ አይወድቅም። እንደ 12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ምርጫ ላለው ጥያቄም አማራጮቹ ከዚሁ ተገኙ ማለት ነው። ከአየር የተያዙ ቁጥሮችን መደርደር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ ተማሪው የት ላይ እንደሳተ ይናገራል። (30ን የመረጠ ግን ከሁለት ስህተቶች የትኛውን እንደሠራ አይታወቅም፤ ካሬን እጥፍ ያደረገም እዚያው ይደርሳልና። ይህን የሚለየው የተጻፈ ሥራ ብቻ ነው።)

በኬሚስትሪም ጉዳዩ ያው ነው። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካልሲየም ካርቦኔት ወደ ካልሲየም ኦክሳይድና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፦ CaCO₃ → CaO + CO₂። አንድ ሞል ካርቦኔት 100 ግራም ነው፤ ከእሱ 56 ግራም ኦክሳይድና 44 ግራም ጋዝ ይወጣል። ለጥያቄ አውጪ ከዚህ የተሻለ ቁጥር የሚሰጥ ኬሚካላዊ ለውጥ ብዙ የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ሞሉን እንወስናለን፤ 2,000 ሞል ይሁን። ይህ 200 ኪሎ ግራም ንጹሕ ካርቦኔት ነው። ድንጋዩ ንጹሕ ስላልሆነ ደግሞ 80 በመቶው ካርቦኔት ነው ብንል የድንጋዩ ጠቅላላ መጠን 250 ኪሎ ይሆናል። ጥያቄው ተማሪው ዘንድ ሲደርስ 250 ኪሎውና 80 በመቶው ብቻ ይሰጡታል፤ 112 ኪሎ ካልሲየም ኦክሳይድ ላይ መድረስ የእሱ ፈንታ ነው።

80 በመቶ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። 60 ቢሆን 200ን ለ0.6 ስናካፍል ማለቂያ የሌለው አስርዮሽ ይመጣል። 50 ቢሆን ደግሞ የድልድዩ 2 ሰከንድ በሌላ በር ይገባል፤ ካርቦኔቱን ትቶ ባዕዱን አፈር ያሰላ ተማሪም ግማሽ ከግማሽ እኩል ስለሆነ ይድናል። በ80 ግን እንዲህ የሳተው 28 ኪሎ ያመጣል፤ ንጽህናውን የረሳው 140፤ ማባዛት ሲገባው ያካፈለው 175፤ በኦክሳይዱ ፈንታ ጋዙን ያሰላው 88።

የጥያቄውን ታሪክ መቀያየር ሲባል ብዙዎች «ድንጋይ» የሚለውን አውጥተው «እብነ በረድ» ይተኩና ተለያየ ይላሉ። ተማሪው ግን ያንኑ ሒሳብ እየደገመ ነው። የሚታወቀውና የማይታወቀው ቦታ ሲለዋወጡ ነው ጥያቄው አዲስ የሚሆነው። ለምሳሌ 5.00 ግራም የእንቁላል ቅርፊት በቂ አሲድ ውስጥ ገብቶ 2.09 ግራም ጋዝ ቢወጣ፣ ስንት በመቶው ካርቦኔት ነው? ጋዙን ለ0.44 ስናካፍል 4.75 ግራም ካርቦኔት እናገኛለን፤ ይህ ከ5.00 ግራሙ 95 በመቶ ነው። ለእንቁላል ቅርፊት የሚታመን ቁጥር ነው። ንጽህናው ፊት ተሰጥቶት የነበረው አሁን ራሱ የሚፈለገው ሆነ፤ ቀመር የሸመደደ እዚህ ይቆማል።

ታሪኩ እውነት መሆንም አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ሻይ የምታፈላ ሴት 2 ኪሎ ግራም ውሃን ከ22 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ አደረሰች ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ፊዚክሱን ራሱን ይክዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ክዳኑ ባልታፈነ ማንቆርቆሪያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ለጥያቄ አውጪው ሲሳይ ነው፤ ልዩነቱ 70 ዲግሪ ይሆናል፣ 2 በ4,200 በ70 ደግሞ 588,000 ጁል ይሰጣል። 100ን ከልማድ የጻፈ ተማሪ 655,200 ስለሚያመጣ ወዲያው ይለያል። 92ቱ ግን ጥያቄው ውስጥ መሰጠት አለበት፤ እንዲያ ካልሆነ የሚፈተነው የጂኦግራፊ ዕውቀቱ ነው።

ወደ ኖራው እንመለስና ጥያቄው 5 ነጥብ ይያዝ። የተለመደው የማረሚያ መመሪያ እንዲህ ይላል፦ ንጹሑን 200 ኪሎ ላገኘ 1፣ ወደ 2,000 ሞል ለለወጠ 1፣ አንድ ለአንድ መሆኑን ላሳየ 1፣ ለ112 አንድ፣ ለኪሎ ግራሙ 1። መልካም ይመስላል። ግን ጎበዟ ተማሪ ሞል የሚል ቃል ሳትጽፍ 200ን በ56 አባዝታ ለ100 አካፈለች፤ መልሷ 112 ኪሎ ግራም ነው። በመመሪያው ቃል ከሄድን 2 ነጥብ ታጣለች። ስለዚህ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ጥያቄውን ቢያንስ በሁለት መንገድ ሠርቶ፣ ነጥቡን «ሞል አገኘ» ለሚል ሳይሆን «የካርቦኔቱን መጠን ከኦክሳይዱ ጋር በትክክል አዛመደ» ለሚል መስጠት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ፈተና ስህተት ሲንከባለል የሚመጣው ነው። ንጽህናውን ረስቶ 2,500 ሞል ብሎ ተነሥቶ ቀሪውን ሁሉ በትክክል ሠርቶ 140 ኪሎ ግራም ላይ የደረሰ ልጅ የሳተው አንዴ ነው። ጠፍጣፋ ዜሮ መስጠት አንዱን ስህተት አምስት ጊዜ መቅጣት ነው፤ እኔ 4 እሰጠዋለሁ። የአቶሞቹን ክብደት በአስርዮሽ ወስዶ 112.06 ያለውም ሙሉውን ያገኛል። መመሪያው ይህን ሁሉ ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ማለዳ የታረመውና ማታ የታረመው ወረቀት እኩል አይዳኙም።

አንድ መልስ ግን ይቀራል፦ 162 ኪሎ። ይህ ልጅ 112ቱን አግኝቶ ያልተቃጠለውን 50 ኪሎ ባዕድ አፈር ደምሮበታል። ጥያቄው «ስንት ኪሎ ኖራ ይገኛል?» ብሎ ከነበረ ልጁ ትክክል ነው፤ ከምድጃው አካፋ የሚዝቀው ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ነውና። ጋዙን 88 ብንደምርበትም የመጀመሪያው 250 ይሞላል። እንዲህ ያለ መልስ በርከት ብሎ ከመጣ የሚታረመው የተማሪው ወረቀት አይደለም፤ ጥያቄው «ስንት ኪሎ ግራም ካልሲየም ኦክሳይድ» ተብሎ እንደገና ይጻፋል፣ ለዚያ ዙር ተፈታኞች ደግሞ 112ም 162ም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ።