ገጹ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛን በኢንተርኔት የሚያስተምር አነስተኛ ትምህርት ቤት አለ እንበል። ትምህርት ቤቱ ከፍሎ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ያወጣል። ማስታወቂያውን የነካች እናት አንድ ገጽ ይከፈትላታል። ሰው ከማስታወቂያ ተነሥቶ የሚያርፍበት ይህ ገጽ ላንዲንግ ፔጅ ይባላል። ከድረ ገጹ መነሻ ገጽ የሚለየው ሥራው አንድ ብቻ በመሆኑ ነው፤ የመጣውን ሰው አንድ የተወሰነ እርምጃ እንዲወስድ ማድረግ። ያ እርምጃ የሚጠየቅበት በተን ደግሞ የገጹ ጥሪ ነው።

ትምህርት ቤቱና ገጹ ለማስረጃ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ገጽ ግን አንባቢ ሳያጋጥመው አይቀርም። ከላይ አርማና ሰባት ምርጫ ያለው ሜኑ ተደርድሯል። ከሥሩ በየጥቂት ሴኮንዱ የሚቀያየሩ አምስት ፎቶዎች አሉ። «እንኳን ወደ ትምህርት ቤታችን በደህና መጡ» ይልና ስለ አመሠራረቱ፣ ስለ ራዕዩና ስለ ተልዕኮው ሦስት አንቀጽ ይከተላል። ከዚያ የመምህራን ፎቶ፣ የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የዩቲዩብ ምልክቶች፣ በመጨረሻም ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የመመዝገቢያ ፎርም ይመጣል። የፎርሙ በተን «ላክ» ይላል። እናቲቱ ገጹን የከፈተችው ከሥራ ስትመለስ ባቡር ላይ ሆና በስልኳ ነው። ፎርሙ ጋ ለመድረስ ስምንት ወይም ዘጠኝ ስክሪን ወደ ታች መውረድ አለባት፤ እስከዚያ ድረስ ምን እንደተፈለገባት የሚነግራት ነገር የለም።

ይህን ገጽ ማስተካከል የሚጀምረው ከቀለምም ከፎቶም አይደለም። መጀመሪያ መወሰን ያለበት አንዱ እርምጃ የትኛው እንደሆነ ነው። ትምህርት ቤቱ እናቲቱ እንድትደውል፣ የቴሌግራም ቻናሉን እንድትቀላቀል፣ የሦስት ወር ክፍያ እንድትከፍል ወይም ልጇን ለአንድ ነፃ የሙከራ ክፍል እንድታስመዘግብ ሊጠይቃት ይችላል። አራቱንም በአንድ ገጽ ከጠየቃት የምታመዛዝነው ነገር ስለሚበዛባት «ኋላ አየዋለሁ» ብላ ትዘጋዋለች። የማታውቀውን ትምህርት ቤት ገና በመጀመሪያው ደቂቃ የሦስት ወር ክፍያ ክፈይ ማለትም ብዙ መጠየቅ ነው። የእናቲቱ ትልቁ ጥርጣሬ ልጇ ከመምህሩ ፊት ተረጋግቶ ይቀመጣል ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚመልስላት የሙከራ ክፍሉ ስለሆነ ጥሪው እርሱ ይሁን።

ይህ ሲወሰን ብዙ ነገር ከገጹ ይወጣል፤ ባለቤቶችን የሚከብዳቸውም እዚህ ላይ ነው። ሰባት ምርጫ ያለው ሜኑ ይነሣል። የፌስቡክ ምልክቱም ይነሣል፤ ተከፍሎባት ከፌስቡክ የመጣችን ሰው መልሶ ወደ ፌስቡክ የሚልክ በር መክፈት ገንዘብን መጣል ነው። የቴሌግራም ቻናሉ ከተመዘገበች በኋላ በሚከፈተው የምስጋና ገጽ ላይ ይቀመጣል። ራዕይና ተልዕኮ በዋናው ድረ ገጽ ላይ ቦታ አላቸው፤ እዚህ ግን የሚፈልጋቸው የለም። ስልክ ቁጥሩ ከግርጌ በተራ ጽሑፍ ይቆይ፤ መደወል የሚመርጥ ሰው አይጠፋም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥሪውን ወደ ላይ ማውጣት ነው። ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ የተባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም አጥኚ ድርጅት ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ገጽ ሲያዩ ዐይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታትሎ ውጤቱን በ2018 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ሰዎች ገጹን ከሚያዩበት ጊዜ 57 በመቶው ወደ ታች ሳይወርዱ በሚታየው በመጀመሪያው ስክሪን ላይ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስክሪኖች ሲደመሩ 74 በመቶውን ይወስዳሉ። ሰው ጨርሶ ወደ ታች አይወርድም ማለት አይደለም፤ ወደ ታች የሚወርደው ግን የመጀመሪያው ስክሪን ምክንያት ከሰጠው ነው።

ስለዚህ የእናቲቱ የመጀመሪያ ስክሪን ላይ የሚቀመጡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። በትልቁ «ልጅዎ ከአያቱ ጋር በአማርኛ እንዲያወራ» የሚል ርዕስ ይቀመጣል። ከሥሩ በአንድ መስመር «ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት በዙም» ይላል። ከዚያ በተኑ ይመጣል። ከበተኑ ሥር በትንሹ «30 ደቂቃ፣ ክፍያ የለውም» ይጻፋል፤ ይህች መስመር ትንሽ ብትመስልም ጣት በተኑ ላይ ከማረፉ በፊት የሚመጣውን «ያስከፍለኝ ይሆን?» የሚል ፍርሃት ታስወግዳለች። ፎቶው አንድ ብቻ ይሁንና ከበተኑ በታች ይውረድ። ብዙ ጊዜ በተኑን ከስክሪኑ ውጭ የሚገፋው ግዙፍ ፎቶ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ጥሩ የመሰለው ገጽ ስልክ ላይ ፎቶ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ዲዛይነሩ የሚሠራው በሰፊ ስክሪን ስለሆነ ይህን ላያየው ይችላል።

በተኑ ግልጽ እንዲሆን የሚያስፈልገው ደማቅ መሆኑ ብቻ አይደለም። በገጹ ላይ ያን ቀለም የሚጠቀም ሌላ ነገር መኖር የለበትም። ርዕሱም፣ መስመሩም፣ ጌጡም ብርቱካናማ ከሆኑ ብርቱካናማ በተን አይለይም። የአፕል የዲዛይን መመሪያ በጣት የሚነካ ነገር በትንሹ 44 በ44 ነጥብ እንዲሆን ይመክራል፤ ከዚያ ያነሰውን አውራ ጣት ይስተዋል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ለልጅዎ የመጀመሪያውን ነፃ የሙከራ ክፍል ዛሬውኑ ይያዙ» የሚል በተን በጠባብ ስልክ ላይ ሁለት መስመር ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ጫፉ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ደግሞ «ይያዙ» የሚለው፣ ዋናው ቃል ነው። «ነፃ ክፍል ይያዙ» ሲባል ሦስት ቃል ነው፣ ግሡም አይጠፋም። «ላክ» ወይም «ተጨማሪ» የሚሉ በተኖች ግን ሰውየው ሲነካቸው ምን እንደሚያገኝ አይነግሩም።

የበተን ቃል ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳይ የታወቀ ሙከራ አለ። በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ የመግቢያ ገጹን ፈተነ። ሥራውን የመራው ከጎግል የመጣው ዳን ሲሮከር ነበር። ገጹ የሚጠይቀው አንድ ነገር፣ የኢሜይል አድራሻ ብቻ ነበር። አራት የበተን ቃልና ስድስት ዓይነት ፎቶና ቪዲዮ ተጣምረው 24 ዓይነት ገጽ ተዘጋጀና 310,382 ጎብኚዎች ተከፋፍለው አዩት። የዘመቻው ሰዎች ቪዲዮው ያሸንፋል ብለው ነበር፤ ቪዲዮዎቹ ግን ከፎቶዎቹ ሁሉ ያነሰ ውጤት አመጡ። ያሸነፈው የቤተሰቡ ፎቶ ሲሆን የበተኑ ቃል ደግሞ «ይመዝገቡ» ሳይሆን «የበለጠ ይወቁ» የሚል ነበር። የተመዝጋቢው መጠን ከ8.26 ወደ 11.6 በመቶ ከፍ አለ። የተጠየቀው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ቀለል ባለ ቃል ሲጠየቅ ብዙ ሰው እሺ አለ። ይህን ግን ቃሉን እንዳለ ለመቅዳት ምክንያት አላደርገውም፤ እነዚያ ጎብኚዎች አንድን ዕጩ ለማወቅ የመጡ ናቸው፣ የእኛዋ እናት ግን ለልጇ ክፍል ፈልጋ የመጣች ናት።

አሁን ወደ መደጋገሙ እንለፍ። አንዳንድ ባለቤቶች ጥሪን መድገም እንግዳን መነዝነዝ ይመስላቸዋል። ነገሩ ሌላ ነው። አንዷ እናት ርዕሱን እንዳየች ወስናለች። ሌላዋ መምህሩ ማን እንደሆነ ሳታውቅ አትወስንም። ሦስተኛዋ ዋጋውን ትፈልጋለች። እያንዳንዷ ልቧ ባመነበት ቦታ ላይ በተኑን ማግኘት አለባት፤ ወደ ላይ ተመልሳ እንድትፈልገው መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ በተኑ የሚደገመው በዘፈቀደ ሳይሆን አንድ ጥርጣሬ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ስክሪን ቀጥሎ የመምህሩ ማንነትና የአንድ ደቂቃ የክፍል ቪዲዮ ይመጣና በተኑ ይደገማል። ከዚያ ከሙከራው በኋላ ስለሚኖረው ክፍያና ሰዓት ይነገርና በተኑ እንደገና ይመጣል። በመጨረሻ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ሦስት አራት ጥያቄዎች ተመልሰው ገጹ በበተኑ ያልቃል። አምስት ስክሪን ለሚያህል ገጽ አራት ጊዜ ይበቃል። በየአንቀጹ ሥር ከተደረደረ ዐይን ይለምደውና ዘሎት ያልፋል።

ቃሉም መድረሻውም በየቦታው አንድ መሆን አለበት። ላይ «ነፃ ክፍል ይያዙ»፣ መሐል «አሁኑኑ ይመዝገቡ»፣ ታች «ያነጋግሩን» ካለ፣ ሦስት የተለያዩ ነገሮች የተጠየቀች ይመስላታል። በስልኩ ግርጌ ተጣብቆ አብሮ የሚወርድ በተንም ይሠራል፤ ጽሑፉን ከሸፈነ ወይም ፎርም ስትሞላ ከኪቦርዱ በላይ ተደቅኖ ካስቸገረ ግን ጉዳቱ ያመዝናል።

ፎርሙም ይቀንሳል። ለሙከራ ክፍል የወላጅ ስም፣ የዋትሳፕ ቁጥርና የልጁ ዕድሜ ይበቃሉ። አድራሻና የአባት ስራ ለሙከራ ክፍል ምን ያደርጋሉ? ትምህርት ቤቱ እናቲቱን ሲያነጋግር የቀረውን ይጠይቃል።

ለውጡ መሥራቱን ለማወቅ እያንዳንዱ በተን የራሱ ምልክት ይሰጠዋል። ቃሉና የሚከፈተው ፎርም አንድ ሆኖ፣ ሊንኩ መጨረሻ ላይ የበተኑ ቦታ ይጻፋል፦

```html
<a href="/trial?place=top">ነፃ ክፍል ይያዙ</a>
<a href="/trial?place=teacher">ነፃ ክፍል ይያዙ</a>
```

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆጠራው ሲታይ ችግሩ የት እንዳለ ይነግራል። የላይኛውን በተን ብዙ ሰው ነክቶ ፎርሙን የሞላው ጥቂት ከሆነ ችግሩ ከፎርሙ ነው። አብዛኛው የሚነካው ከመምህሩ ቪዲዮ ቀጥሎ ያለውን ከሆነ፣ ወላጆችን የሚያሳምነው መምህሩ ስለሆነ እርሱን ወደ ላይ ማቅረብ ይገባል። የሚመዘገበው በዝቶ ቅዳሜ ክፍል የሚገባው ካልጨመረ ደግሞ ገጹ ትምህርት ቤቱ የማይሰጠውን ነገር ቃል እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቀጠሮውን የሚያስታውስ መልእክት አልተላከም። መቆጠር ያለበት የነካው ሰው ብቻ ሳይሆን ክፍል የገባው ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ግን መቸኮል አይገባም። ከመቶ ጎብኚ በፊት 2፣ አሁን 3 ሰው ተመዘገበ ማለት ምንም አያረጋግጥም። ከ2 በመቶ ወደ 3 በመቶ መድረሱ የአጋጣሚ አለመሆኑን በተለመደው የስታቲስቲክስ መለኪያ ለማረጋገጥ ለአሮጌውና ለአዲሱ ገጽ ለእያንዳንዳቸው ወደ 4 ሺህ ገደማ ጎብኚ ያስፈልጋል። ትንሽ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ሰው ለማግኘት ወራት ሊፈጅበት ስለሚችል ቀላሉ ፈተና ይሻለዋል፤ ገጹን ለማያውቅ ሰው በስልክ ለአምስት ሴኮንድ አሳይቶ መዝጋትና «ምን እንድታደርግ ተጠየቅህ?» ማለት ነው። በዚህ ፈተና አምስት ሰው ቢጠየቅ ትልልቆቹ ችግሮች ይወጣሉ።

ማስታወቂያው «አማርኛ ለልጆች» እያለ ገጹ ስለ አዋቂዎች ክፍል የሚያወራ ከሆነ ግን የበተን ቦታ ማስተካከል አያድነውም፤ ማስታወቂያውና የገጹ ርዕስ መጀመሪያ አንድ ቃል ይናገሩ። የንግድ ወይም የማኅበር ገጽ ካለዎት ዛሬውኑ በስልክዎ ይክፈቱት፤ ጣትዎን ሳያንቀሳቅሱ ጥሪው ካልታየዎት እንግዳዎም አላየውም ማለት ነውና ከዚያ ይጀምሩ።