ሁለቴ የሚጸነሰው የቡና ፍሬ

በበጋው ማብቂያ ላይ በጅማ፣ በከፋ ወይም በሲዳማ የቡና ማሳ ውስጥ የሚያልፍ ሰው በቅርንጫፎቹ ላይ ብዙም ዓይን የሚስብ ነገር አያይም። ቅጠልና ቅርንጫፍ በሚገናኙበት ብብት ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝሙ አረንጓዴ እምቡጦች ተሰባስበው ይታያሉ። ለሳምንታት አያድጉም፤ አይረግፉምም። ተክሉ አንቀላፍቷል።

ከዚያ ዝናብ ይጥላል። ከባድ መሆን የለበትም፤ ከደረቁ ወራት በኋላ የመጣ አንድ ደህና ካፊያም ሊበቃ ይችላል። እምቡጦቹ ውሃውን ስበው በፍጥነት ይረዝማሉ፤ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ማሳው በአንድ ማለዳ ነጭ ይለብሳል። ለዚህ መነቃቃት የቀደመው ድርቅ ራሱ ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ በማይለይበት አካባቢ ቡና በተለያየ ጊዜ እየተንጠባጠበ ያብባል፤ ፍሬውም በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ ለቀማው ይበዛል። በረጅም በጋ ውስጥ ያለፈ ማሳ ግን አብዛኛውን አበባውን በአንድ ላይ ያወጣል።

አበባው ዕድሜው አጭር ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይጠወልጋል። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው በእነዚህ ቀናት ስለሆነ አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። የዐረቢካ ቡና አበባ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ነጫጭ ቅጠሎች አሉት፤ ቅጠሎቹ ከታች ተጋጥመው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን ቱቦ ይሠራሉ። ከቱቦው አፍ ላይ በነጮቹ ቅጠሎች መካከል አምስት ቀጫጭን የብናኝ ከረጢቶች ይቆማሉ፤ የወንዴው ክፍል እነዚህ ናቸው። በመሃል በኩል ደግሞ አንድ ቀጭን ዘንግ ይወጣና ጫፉ ለሁለት ይከፈላል። ይህ ብናኝ የሚቀበለው የሴቴው ጫፍ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ክፍል ግን አይታይም። ከነጩ አበባ ግርጌ፣ ከቱቦው በታች፣ ትንሽ አረንጓዴ የእንቁላል ቤት አለ። ውስጡ ሁለት ክፍል ሲሆን በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ውጥን ዘር ተቀምጣለች። በአንድ የቡና ፍሬ ውስጥ ሁለት ፍሬ ቡና ፊት ለፊት ተጋጥመው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የእንቁላል ቤቱ ከአበባው ቅጠሎች በታች መሆኑም ምልክት ይተዋል፤ የበሰለ እሸት ቡና ጫፍ ላይ የምትታየው ትንሽ ክብ እምብርት ነጩ አበባ ተጣብቆባት የነበረችው ቦታ ናት።

ብናኙ ከከረጢቱ ወጥቶ በሴቴው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ርክበ ብናኝ ተፈጸመ ይባላል። ዐረቢካ ለዚህ ሌላ ዛፍ አይጠብቅም። በራሱ ብናኝ መጸነስ ይችላል፤ አብዛኛው ዘሩም የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሮቡስታ ግን የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ከሌላ ዛፍ በነፋስ ወይም በንብ ካልመጣለት ፍሬ አይዝም። ይህ ማለት ግን ንብ ለዐረቢካ ከንቱ ናት ማለት አይደለም። ዴቪድ ሩቢክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው የፓናማ ጥናት፣ ንቦች የጎበኟቸው የዐረቢካ ቅርንጫፎች ንብ እንዳይደርስባቸው ከተሸፈኑት ከሃምሳ በመቶ በላይ ብልጫ ያለው ምርት ሰጥተዋል።

ብናኙ ካረፈ በኋላ ያለው ጉዞ በዘንጉ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ የብናኝ ቅንጣት በዓይን የማይታይ ቀጭን ቱቦ ያበቅላል። ቱቦው በዘንጉ ሥጋ ውስጥ እየሰረሰረ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለት የወንዴ ህዋሳትንም ይዞ ይሄዳል። እንቁላሏን ለማጽነስ አንድ የወንዴ ህዋስ ይበቃ ነበር። ታዲያ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?

መልሱን እ.ኤ.አ. በ1898 ያገኘው በኪየቭ ይሠራ የነበረው ሰርጌይ ናቫሺን ነው። ናቫሺን ያጠናው ቡናን ሳይሆን የአበባ ሽንኩርት ዘመድ የሆኑ የሊሊ ተክሎችን ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲመለከት አንዱ የወንዴ ህዋስ ከእንቁላሏ ጋር፣ ሌላው ደግሞ በውጥኗ ዘር መሃል ካለ ሌላ ትልቅ ህዋስ ጋር ሲዋሐድ አየ። በማግሥቱ ዓመት ፈረንሳዊው ሊዮን ጊኛር ለብቻው ተመሳሳይ ውጤት ይዞ ቀረበ። አበባ ባላቸው ተክሎች ዘንድ የተለመደው ይህ ክንውን ድርብ ጽንሰት ይባላል።

በቡና ላይ ነገሩን በቁጥር መከታተል ይቻላል። በዐረቢካ ቅጠል ህዋስ ውስጥ 44 ክሮሞዞሞች አሉ። የወንዴውም የሴቴውም የዘር ህዋስ ግማሹን ማለትም 22 ይይዛል። የመጀመሪያው የወንዴ ህዋስ ከእንቁላሏ ጋር ሲዋሐድ 22 እና 22 ተደምሮ 44 ይሆናል፤ ይህ ነገ ተክል የሚሆነው ጽንስ ነው። ያ በመሃል ያለው ትልቅ ህዋስ ግን እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም ያላቸው ሁለት ኑክሊየሶች አሉት። ሁለተኛው የወንዴ ህዋስ ሲቀላቀለው ድምሩ 66 ይደርሳል። ከዚህ የሚወጣው ተክል አይሆንም፤ ለጽንሱ የሚሰነቅ ምግብ ይሆናል። ተመራማሪዎች ኢንዶስፐርም ይሉታል። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ጀበና ውስጥ የሚገባው ቡና ከሞላ ጎደል ይኸው ስንቅ ነው። ጽንሱ ራሱ በፍሬው አንድ ጫፍ የተደበቀ፣ ከሦስት እስከ አራት ሚሊሜትር የሚረዝም ነጭ ነገር ብቻ ነው።

ስንቁ በእርግጥ ከአባትም እንደሚወርስ ብራዚል ውስጥ አንድ ለየት ያለ ቡና በግልጽ አሳይቷል። ሴራ የሚባለው ይህ ዓይነት ጥሬ ፍሬው እንደ ተለመደው አረንጓዴ ሳይሆን ቢጫ ነው። ቢጫነቱ የሚታየው ግን ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ብቻ ነው፤ አረንጓዴነት ከአንዱ ወገን ከመጣ ያሸንፋል። ስለዚህ የሴራ ዛፍ በራሱ ብናኝ ሲጸነስ ቢጫ ፍሬ ይሰጣል፤ ከጎረቤት አረንጓዴ ዓይነት ብናኝ ሲደርሰው ግን በዚያው ዛፍ ላይ አረንጓዴ ፍሬ ይገኛል። በካምፒናስ የግብርና ምርምር ተቋም የነበሩት ካርሎስ ክሩግና አልሲዴስ ካርቫልዮ ይህን ተጠቅመው ዐረቢካ ከሌላ ዛፍ ምን ያህል እንደሚዳቀል ለኩ። ችግኙ እስኪበቅል መጠበቅ ሳያስፈልግ፣ በለቀማ ጊዜ የፍሬውን ቀለም ለይቶ መቁጠር ብቻ በቂ ነበር። ከመቶ አሥር እንኳ የማይሞላው ዘር ከሌላ ዛፍ ብናኝ የተገኘ ሆኖ ተገኘ።

ቀዩ ልጣጭና ጣፋጩ ሥጋ ግን ከአባት ምንም አይወርሱም። የእንቁላል ቤቱ ግድግዳ አድጎ የሚሠራቸው የእናት አካል ናቸው። ጥሬውን ፍሬ አቅፎ የያዘው ጠንካራ ቅርፊትም እንዲሁ የዚሁ ግድግዳ የውስጠኛው ክፍል ነው። ስለዚህ በአንድ እሸት ቡና ውስጥ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይገኛል፤ የእናት የሆነ ሽፋን፣ ከአባትና ከእናት የተገኘ ጽንስ፣ እና ሦስት ድርሻ ክሮሞዞም የተሰበሰበበት ስንቅ።

አበባው ከረገፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለተመልካች አሰልቺ ናቸው። ፍሬዋ ከክብሪት ራስ ብዙም ሳትበልጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ትቆያለች። በውስጥ ግን ሥራው ተጀምሯል። የስንቁ ህዋስ ካበበ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ መከፋፈል ሲጀምር፣ የጸነሰችው እንቁላል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከፈለው ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ስንቁ ከባለቤቱ ቀድሞ ይዘጋጃል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ፍሬዋ በፍጥነት ታብጣለች። በዚህ ወቅት አረንጓዴዋን ፍሬ የቆረጠ ሰው በውስጧ የሚያገኘው ለስላሳ፣ ውሃ የበዛበት ነገር ገና ስንቁ አይደለም፤ የእናት ህብረ ህዋስ ነው። ስንቁ ይህን እየበላ ቦታውን ይይዛል። ተበልቶ የቀረው ስስ ሽፋን በጥሬው ቡና ላይ ተለጥፎ ይቆያል፤ ቡና ሲቆላ ከምጣዱ ብን ብሎ የሚነሳው ስስ ገለፈት እርሱ ነው። ከአበባ እስከ ቀይ እሸት ባጠቃላይ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይወስዳል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በየካቲትና በመጋቢት ያበበው ቡና በመኸር ወራት የሚለቀመውም ለዚህ ነው።

ሁሉም ግን በሥርዓቱ አይሄድም። ከሁለቱ ውጥን ዘሮች አንዷ ሳትጸነስ ስትቀር ወይም ጸንሳ ስትጨነግፍ፣ ሌላዋ ቦታውን ሁሉ ለብቻዋ ትይዛለች። የምትጋጠማት ስለሌለ ጠፍጣፋ ፊት አታወጣም፤ ድቡልቡል ትሆናለች። ከጥሬ ቡና መካከል ብዙ ጊዜ ከመቶ አምስት እስከ አሥር የሚሆነው እንዲህ ያለ ነው። በሌላ በኩል ጽንሰቱ ተሳክቶ ስንቁ ሳያድግ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ እሸቱ ከውጭ ሙሉ ይመስላል፤ ሲከፈት ግን የፍሬው ቦታ ባዶ ነው፣ ወይም እንደ ቅርፊት የቀለለ ነገር ብቻ ይገኝበታል። ሦስተኛው ጉዳት ከዚህ ሁሉ በፊት የሚደርስ ነው። እምቡጡ በሚከፈትበት ሰሞን ብርቱ ሙቀት ወይም ደረቅ አየር ሲመታው አበባው በቅጡ ሳይፈነዳ አረንጓዴና ደንዳና ኮከብ መስሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ አበባ ፍሬ አይዝም።

ባዶውን ከሙሉው ለመለየት ውሃ ይበቃል። እሸቱ ገንዳ ውስጥ ሲፈስ ስንቅ የሞላው ይሰምጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። የዘር ቡና የሚያዘጋጁ ሰዎችም በመጀመሪያ የሚያደርጉት ቀዩን ለቅመው ተንሳፋፊውን መድፋት ነው። የተመረጠው ዘር ብዙ ሳይቆይ መዘራት አለበት፤ በተለመደው አቀማመጥ በወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል። መደብ ላይ ከተዘራ በኋላ ሥሩ ወደ ታች፣ ግንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ፍሬው ራሱ ከአፈር ወጥቶ በግንዱ ጫፍ ላይ ይቆማል። በውስጡ ያሉት ሁለት የመጀመሪያ ቅጠሎች ስንቁን ከውስጥ እየመጠጡ ያድጋሉ፤ ሲያልቅም ቅርፊቱን ጥለው ይዘረጋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ችግኙ ምግቡን በራሱ ቅጠል ይሠራል።